ሦስተኛው ቀዳዳ

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ማስታወቂያ ጸሐፊው ገፋ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ያንተ ናት። አንተ ታውቃቸዋለህ» አለችው።

«እነማንን?»

«ትልልቅ ሰዎችን።»

በስብሰባው ክፍል ውስጥ የነበሩት አምስት ሰዎች ሳቃቸውን በብርጭቋቸው ከለሉ። ጸሐፊው ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። በማስታወቂያ ድርጅቱ ውስጥ ከዘበኛው ቀጥሎ በዕድሜ ትልቁ እሱ ነበር፤ ዘበኛው ደግሞ ባለፈው ወር ጡረታ ወጥቷል። ወረቀቱን ሳበና አነበበ።

«ሰካው። አምስት ዘፈን ስማ። ግባ። ቴክኒሻን ምናምን የለም፤ ራስህ ስቀለው።»

የአሥራ አምስት ሊትር የውሃ ማሞቂያ ማስታወቂያ ነው። የጻፈችው ከማዶ የተቀመጠችው ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ሲሆን በፍጥነቷ ምክንያት ቢሮው «ጥይት» ይላታል። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ እሱን የከነከነውም ይኸው ነው። ውሃው ለመሞቅ ሃያ ደቂቃ ግድም ይፈጃል። ሃያ ደቂቃ ጠብቅ ቢባል ማንም ወጣት አይገዛም፤ አምስት ዘፈን ስማ ሲባል ግን መጠበቁ ራሱ ጨዋታ ይሆናል። በአዳዲሶቹ አፓርታማዎች ማሞቂያው እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጦ ነበር። አሁን አስመጪው ፊቱን ወደ ጡረተኞች አዙሯል።

«ምን ችግር አለው? ሰካ የሚለውን ይሰኩ፣ ግባ የሚለውን ይግቡ ማድረግ ነው» አለ ከጥግ የተቀመጠው ሠዓሊ። «ፊደሉን ደግሞ እኔ አተልቀዋለሁ።»

«ከዘፈኑ ላይ ደግሞ አንድ ሁለት ሳል ጨምርበት» አለ ጸሐፊው። ሁሉም ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ሥራውን ግን ያውቅ ነበር። አንተን እርስዎ ማድረግ ለትልቅ ሰው መጻፍ እንዳልሆነ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አይቷል። ስለዚህ በማግስቱ የጡረተኞች ማኅበር አዳራሽ ሄዶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። የማሞቂያውን ሥዕል አሳያቸው። የሚሉትን በደብተሩ ጻፈ። ኮረንቲ ይዞኝ ቢቀርስ? ማን ይሰቅልልኛል? ቢበላሽ የማንን በር ነው የማንኳኳው? ካልወደድኩት ትመልሱልኛላችሁ ወይስ ጀርባ ትሰጡኛላችሁ?

አንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር በትሩን መሬት ላይ ተከል አድርጎ ጠቅለል አደረገለት። «ስማኝ ልጄ፣ ልጆቻችን የሚጠይቁት ምን ያህል ቶሎ ያሞቃል ብለው ነው። እኛ የምንጠይቀው ምን ያህል ቶሎ ይገድላል ብለን ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት አትመልስም።»

ጸሐፊው ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ላይ «ልጄ» በመባሉ ደስ ብሎት ወጣ።

ከዚያ ለአስመጪው ድርጅት የምርት ኃላፊ ደወለ። ኃላፊው ቸኩሎ የሚናገር፣ ሁሉንም «ወንድሜ» የሚል ሰው ነው።

«እርጥብ እጅ ቢነካውስ?» ሲል ጠየቀው።

«ወንድሜ፣ ስፒናው ሦስት እግር ነው ያለው። ሦስተኛዋ እግር ለዚያ ነው የተሠራችው። ኮረንቲ ቢያመልጥ መሬት ትወስደዋለች። ሁለት ዓመት ሸጠናል፤ አንድ ሰው ያዘኝ ብሎ አልመጣም። አንድም!»

«አንድም?»

«አንድም አልኩህ።»

ጸሐፊው «ሁለት ዓመት፣ አንድም» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ሁለት ዓመት ለማን እንደሸጡ ግን አልጠየቀም።

በራሪ ወረቀቱን አራት ቀን ሠራበት። የቃለ አጋኖ ምልክቱን በሙሉ አወጣ። ዘፈኑን አወጣ። ትልቅ ሰው በጀመረው ዓረፍተ ነገር መሐል ሲቋረጥ እንደሚናደድ ስለሚያውቅ አጫጭሮቹን ትዕዛዞች ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መለሳቸው። በመጨረሻም እንዲህ የሚል ሆነ።

«ውሃና ኮረንቲ አንድ ላይ ሲሆኑ ያስፈራሉ። ቢሰጉ አይፈረድብዎትም። ይህን ማሞቂያ ግን ብዙ ሺህ ቤተሰቦች ሁለት ዓመት ተጠቅመውበታል፤ አንድም ሰው ያዘኝ ብሎ አልመጣም። ልክ እንደ ልብስ መተኮሻ ካውያዎ ሶኬት ላይ ይሰኩታል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። አይስጉ። ካልተመቸዎ ደግሞ እስከ ሠላሳ ቀን ድረስ ይመልሱልን፤ ለምን ብለን አንጠይቅዎትም።»

ካውያው ያኮራው ነበር። በየቤቱ ያለ፣ ሁሉም አርባ ዓመት የተጠቀመበት፣ ማንንም ያላስፈራ ዕቃ ነው። አዲስን ነገር ከለመዱት ነገር አስጠግቶ ማሳየት፣ ለጠንቃቃ ሰው ከመጻፍ ጥበብ ግማሹ እሱ ነው።

የምርት ኃላፊው ሲያነበው ስለ መመለሱ የሚናገረው ላይ ሲደርስ ሳቀ። «ይሁን፣ ይግባ። በዚህ ዕድሜው ማን ይህን ጉድ ተሸክሞ ይመጣል?»

ለሙከራ ሁለት መቶ ወረቀት ታትሞ በጡረተኞቹ አዳራሽ ተበተነ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ማሞቂያ ተሸጠ። ሥራ አስኪያጇ ጸሐፊውን ኮሪደር ላይ አቅፋ ሳመችው። የሙከራው ወረቀት እንዳለ አርባ ሺህ እንዲታተም ተወሰነ፤ ማተሚያ ቤቱ ሐሙስ ይጀምራል ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት እህቱ ደወለች።

እህቱ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ፣ በአባታቸው አሮጌ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። አዲስ ዕቃ ቤቷ የሚገባው ጎረቤት ሁሉ ገዝቶ፣ ተጠቅሞና አማርሮ ካበቃ በኋላ ነው።

«ገዛሁ እኮ!» አለችው።

«ምን ገዛሽ፣ እታለም?»

«ያንተን ማሞቂያ ነዋ! ጓደኛዬ ከአዳራሹ ወረቀቱን አምጥታ አሳየችኝ። ገና ሳነበው አወቅሁህ። ለምን ብለን አንጠይቅዎትም! ልጅ ሆነህ ከቤት ስትጠፋ፣ ለምን ብላችሁ ካልጠየቃችሁኝ እመጣለሁ ብለህ ትልክብን አልነበር? ወንድሜ ከጻፈውማ ብዬ በማግስቱ ሄጄ ገዛሁት። ይኸው ሳምንቴ፣ ጀርባዬ ሙቅ ውሃ አየ።»

ጸሐፊው ደስ አለው። ቢሮ ውስጥ ከተቀበለው ምስጋና ሁሉ ይኼኛው በለጠበት። ብርቱካን ገዝቶ ሄደ።

መታጠቢያ ቤቱ ከኋላ በር አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ማሞቂያው ነጭ ሆኖ፣ በሁለት ቡሎን ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። ሰፈር ውስጥ ቧንቧ የሚሠራ ሰው ነው የሰቀለላት። ገመዱ በበሩ ሥር አልፎ ኮሪደሩ ላይ ካለው ሶኬት ጋር ተገናኝቷል። ወለሉ ላይ አንድ ሰፊ ጣውላ ተዘርግቷል፤ ከጣውላው አጠገብም ወፍራም የጎማ ጫማ።

«ይኼ ጣውላ ምንድን ነው?»

«ለመቆሚያ ነው።»

«ለምን?»

«ትንሽ ይቆነጥጠኛል፣ ቧንቧውን ስይዝ። ጣውላ ላይ ስሆን ግን ይተወኛል።»

ጸሐፊው የብርቱካኑን ፌስታል ጣለው። ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። የማሞቂያው ስፒና ሦስት እግር አለው፤ ሶኬቱ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ብቻ። በመሐላቸው ሦስቱን እግር ወደ ሁለት የምትቀይር አንዲት ያረጀች አዳፕተር ገብታለች። አዳፕተሯን አወቃት፤ የካውያው ናት። እህቱ ልብስ ስትተኩስ አርባ ዓመት የተጠቀመችባት ናት። እሱ «ልክ እንደ ካውያዎ» ብሎ ጽፏል፤ እሷም ልክ እንደ ካውያዋ ሰክታዋለች።

ጎትቶ ነቀለው።

«ምን ሆንክ? ምን አደረገህ?» አለች እህቱ ተከትላው።

«ለምን አልነገርሽኝም? ኮረንቲ ይዞሽ ለምን አልደወልሽልኝም!» ጮኸባት። ጮኾባት አያውቅም።

«አትጩህብኝ! አይስጉ ብለህ የጻፍክ አንተ ነህ። አንድም ሰው አልያዘም ብለሃል። በዓለም ላይ አንድም ሰው ያልያዘ ነገር እኔን ብቻ እንዴት ይይዘኛል? ፈሪነቴ ነው ብዬ፣ እርጅና ነው ብዬ፣ ጣውላ አመጣሁ!»

ጸሐፊው ወጥቶ ጎረቤት ያለውን ጡረተኛ ኤሌክትሪሺያን ጠራ። ሰውየው በፒጃማው ላይ ኮት ደርቦ፣ ካቻቪቴውን በኪሱ ይዞ መጣ። ቆጣሪውን አጠፋ፤ የሶኬቱን ክዳን ፈታ። ከግድግዳው ውስጥ ሁለት የጠቆሩ ሽቦዎች ብቅ አሉ።

«ይኸው። ሁለት» አለ። «በዚህ ሰፈር ያሉትን ቤቶች ስንዘረጋ የመሬት ሽቦ የሚባል ነገር አልገባባቸውም። አንዳንዱ በኋላ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ገዝቶ አስገጥሟል፤ ያምራል። ከጀርባው ግን ሦስተኛው ቀዳዳ ባዶ ነው። የእህትህ እንኳ ደግ ነው፣ ሁለት ቀዳዳ ሆኖ እውነቱን ይናገራል።»

«እና ማሞቂያው?»

«አሁን የሚቆነጥጣት ትንሽ የሚያመልጥ ኮረንቲ ነው። የመሬት ሽቦ ቢኖር ወደ መሬት ወስዶት አይሰማትም ነበር። ነገ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ብረት ቢሰነጠቅ ግን ውሃውም፣ ቧንቧውም፣ በርሜሉም ኮረንቲ ይሆናል። ፊውዙም አይቆርጥም፤ መንገዱ እሷ ትሆናለች።» እህቱን በአገጩ አመለከታት። «እንደ ካውያ ሰኩት ያላቸው የትኛው ደንቆሮ ነው? በካውያ ልብስ ትተኩሳለህ እንጂ ራቁትህን ሆነህ ገላህን አትታጠብበትም!»

«እኔ ነኝ» አለ ጸሐፊው።

ኤሌክትሪሺያኑ ካቻቪቴውን ኪሱ ከተተና ሄደ።

እህቱ ካርቶኑን ከአልጋዋ ሥር አወጣች። ካርቶን አትጥልም። ደረሰኙ፣ በራሪ ወረቀቱና የአጠቃቀም መመሪያው በላስቲክ ታስረው ውስጡ ተቀምጠዋል። ጸሐፊው መመሪያውን ገለጠ። ሥራውን ሲቀበል የተሰጠው የመመሪያው ማጠቃለያ እንጂ መመሪያው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የመሬት መስመር በሌለው ቤት መጠቀም ክልክል እንደሆነና በሙያተኛ ሳይረጋገጥ መሰካት እንደሌለበት ተጽፏል።

«እታለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እህቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የእሷ ቁጣ ሲብስ ዝቅ እንደሚል ከልጅነቱ ያውቃል። «የሚያናድደኝ ኮረንቲው አይደለም። ኮረንቲ ተፈጥሮው ነው። እኔ ስልሳ ሰባት ዓመት የኖርኩት እየፈራሁ ነው። እየፈራሁ ነው አንተንም ያሳደግኩህ። ፍርሃቴ ልክ ነበር፣ ገባህ? ልክ ነበር! እሱን ፍርሃቴን በአፍህ ሳይሆን በወረቀት አስጣልከኝ።»

«ሌሎቹስ?» አለ ጸሐፊው ድንገት።

«የትኞቹ ሌሎች?»

ሌሎቹ አሥራ ስምንት ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ለጡረተኞች ማኅበሩ ጸሐፊ ደወለላት። እሷ የአባላቱን ስልክ በሙሉ በመዝገብ ይዛለች፤ ሁለቱ ተካፍለው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ለሁሉም ደወሉ። ንቀሉት፣ አትንኩት፣ ሰኞ ከሰዓት አዳራሽ ኑ። ከአሥራ ስምንቱ አምስቱ ይቆነጥጠናል ብለው ነገሩት። አምስቱም ፈሪ ሆነን መስሎን ነበር አሉ።

ሰኞ ጠዋት የምርት ኃላፊው በሥራ አስኪያጇ ቢሮ ተቀምጦ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ናሙና ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ማተሚያ ቤቱ ያለ ፊርማ ማሽን አያንቀሳቅስም፤ ፊርማው ደግሞ ከድርጅቱ በኩል የጸሐፊው ነው።

ጸሐፊው መመሪያውን በናሙናው ላይ ጣለው። «ሰባተኛው ገጽ።»

ኃላፊው ሳያየው፣ «አውቀዋለሁ ወንድሜ። የሁሉም ዕቃ መመሪያ እንዲህ ይላል» አለ።

«ሁለት ዓመት ለማን ነበር የሸጣችሁት?»

«ለደንበኛ ነዋ!»

«የት ለሚኖር ደንበኛ?»

«ለአዳዲሶቹ አፓርታማዎች። ታውቃለህ እኮ።»

«በአዳዲሶቹ አፓርታማዎች ሁሉም ሶኬት የመሬት ሽቦ አለው። ሠሪው አስገብቶላቸዋል። ስለዚህ አንድም ሰው አልያዘም። ይቺን አንድም የምትል ቃል ወስጄ፣ ግድግዳው ውስጥ ሁለት ሽቦ ብቻ ላለው ሰው ሰጠሁት። እዚያ እውነት የሆነው እዚህ ውሸት ነው። እህቴ ጣውላ ላይ ቆማ ስትታጠብ ነበር!»

«የቤታቸው ችግር እኮ የማሞቂያው ችግር አይደለም።»

«የቤታቸውን አድራሻ መርጣችሁ ነው የላካችሁኝ!»

ሥራ አስኪያጇ በእጇ ምልክት ሰጠች። «ጋሼ፣ ተቀመጥ። ምን ይሁን ነው የምትለው?»

ጸሐፊው አልተቀመጠም። ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ፤ እሁድ ሙሉ ቀን የጻፈው ነው። «የመጀመሪያው መስመር ይኼ ይሁን። ይህን ማሞቂያ ከመግዛትዎ በፊት ኤሌክትሪሺያን ሶኬትዎን ከፍቶ የመሬት ሽቦ መኖሩን ያረጋግጥልዎ፤ ከሌለ አይግዙት። በትልቁ ፊደል፣ ከላይ። አይስጉ የሚለው ይውጣ፣ ካውያው ይውጣ። ባለሙያ ደግሞ እናንተ ላኩላቸው።»

«አይግዙት?» ኃላፊው ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረ። «ይህ ሰውዬ ማስታወቂያ ነው ወይስ የመርዶ ወረቀት የሚጽፈው?»

«ጠንቃቃ ሰው መቼ እንደማይገዛ የነገረውን ነው የሚያምነው። ቤቱ የመሬት ሽቦ ያለው ሁሉ ይህን አንብቦ ይገዛል። የሌለው አይገዛም፤ አይሞትምም።»

«በየቤቱ ካቻቪቴ ይዤ ልዞር? የዚህ ዕቃ መሸጫው ራስህ ስቀለው ነው! እሱን ከነሳኸኝ ምን ቀረኝ?»

ሥራ አስኪያጇ ብዕሯን ወደ ጸሐፊው ዘረጋች። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «መመሪያው ካርቶኑ ውስጥ አለ። በሕግ እነሱ ነግረዋቸዋል። የእኛ ሥራ መጻፍ ነው። በጀርባው፣ ከታች፣ መመሪያውን ያንብቡ የሚል እናስገባ። ፈርምና እንገላገል» አለች።

«አልፈርምም።»

«ካልፈረምክ ሌላ ሰው ይፈርማል። አንተ ደግሞ ከዚህ ደንበኛ ሥራ ላይ ወርደሃል። ከሥራ ሁሉ እንዳትወርድ አስብበት፤ ጡረታህ ሩቅ አይደለም።»

በሩን ከፍታ ጥይትን ጠራቻት። ልጅቱ ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች። ሥራ አስኪያጇ ናሙናውን ሰጠቻት። «አንብቢና እስከ ረቡዕ ማታ ፈርመሽ አምጪልኝ።» ልጅቱ ናሙናውን፣ ከዚያም ጸሐፊውን አየች። ናሙናውን አጥፋ በክንዷ ሥር ያዘችና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የገዙት አሥራ ዘጠኙም መጥተዋል፤ ያልገዙትም ነገር ለመስማት መጥተዋል። ኤሌክትሪሺያኑም ከኋላ ቆሟል፤ እሁድን ሙሉ በራሱ ፈቃድ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ በሰጠችው አድራሻ በየቤቱ ዞሮ ሶኬት ሲከፍት ነው የዋለው። ከአሥራ ዘጠኙ ቤት የመሬት ሽቦ ያለው ሁለቱ ብቻ ነበር።

ጸሐፊው መድረኩ ላይ ወጥቶ በራሪ ወረቀቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላቸው።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚህ መጥቼ የምትፈሩትን ጠየቅኳችሁ። ነገራችሁኝ። እኔ ፍርሃታችሁ ልክ መሆኑን ሳላጣራ፣ እንዴት እንደሚጠፋ ብቻ አሰብኩ።»

«አታፍርም!» አለች አንዲት ሴትዮ ከፊት ረድፍ። «የልጅ ልጄን በዚያ ውሃ አጥቤያለሁ!»

«አፍራለሁ።»

«አፍራለሁ ማለት ምን ያደርግልኛል? ባሌ ማን ግዢ አለሽ ይለኝ አልነበር? ወረቀቱ ጥሩ ነው እያልኩ ስሟገትልህ የከረምኩት እኔ ነኝ!»

ማንም አላረጋጋትም። ሌሎችም እየተነሱ ሰደቡት፤ እሱም መድረኩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። እህቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ እንኳ አላማለደችለትም።

ጫጫታው ሲበርድ የሒሳብ መምህሩ በትሩን አነሳ። «ልጄ፣ እስቲ የመጨረሻዋን መስመር ድገምልኝ።»

«እስከ ሠላሳ ቀን ድረስ ይመልሱልን፤ ለምን ብለን አንጠይቅዎትም።»

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ። የፈቀዱት ግን እነሱ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው። ማን ተሸክሞ ይመጣል ብለው ነው።»

መምህሩ ወደ አዳራሹ ዞረ። «ካርቶኑን የጣለ ሰው አለ?»

አንድም እጅ አልወጣም።

ረቡዕ ጠዋት የአስመጪው ሱቅ ሲከፈት አሥራ ስምንት ሽማግሌና አሮጊት በር ላይ ነበሩ። አንዳንዱ በጋሪ፣ አንዳንዱ በልጁ መኪና፣ መምህሩ ደግሞ በጎረቤቱ የሕፃን ጋሪ ላይ ጭኖ ማሞቂያውን ከነካርቶኑ አምጥቷል። የመሬት ሽቦ ካላቸው ሁለቱ አንደኛው ቀርቷል። ሁለተኛው ግን፣ «የእኔ ምንም አልሆነም፤ ተናድጄ ነው የመጣሁት» ብሎ ተሰልፏል።

የመጀመሪያዋ የጸሐፊው እህት ነበረች። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከላዩ ላይ ደረሰኙን፣ ከደረሰኙ ላይ በራሪ ወረቀቱን።

«እማማ፣ ምን ሆኖብዎት ነው?» አለ ሻጩ።

«አንብብ።»

«ምኑን?»

«የመጨረሻዋን መስመር። ጮክ ብለህ።»

ሻጩ አነበበ። «ለምን ብለን አንጠይቅዎትም።»

«እና ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ከኋላዋ ያለው ሰልፍ በሳቅ ፈነዳ። ሻጩ ለምርት ኃላፊው ደወለለት። ኃላፊው በሃያ ደቂቃ ደረሰ። «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ችግር የለም፣ አይስጉ...» ብሎ ሲጀምር እህቱ አቋረጠችው።

«ይህን ቃል ዳግመኛ እንዳትለኝ! አይስጉ የምትለኝ ከሆነ ና፣ ቤቴ እንሂድ። እኔ እሰካልሃለሁ። አንተ በባዶ እግርህ ቆመህ ቧንቧውን ያዝልኝ።»

ኃላፊው ገንዘቧን እንዲመልስላት ሻጩን አዘዘው። መንገደኛ ሁሉ በመስተዋቱ በኩል ቆሞ ያይ ነበር። አንድ ወጣት ሁለት ማሞቂያ ሊገዛ ገብቶ ስለ ሰልፉ ጠይቆ ባዶ እጁን ወጣ። አሥራ ስምንቱም ማሞቂያዎች እስከ ቀትር ድረስ ተመለሱ። ጸሐፊው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየ። እህቱ ስትወጣ አየችው፤ መንገዱን አቋርጣ አልመጣችም። ባዶ ጋሪዋን እየገፋች ወደ ቤቷ ሄደች።

ሐሙስ ማተሚያ ቤቱ አላተመም። የምርት ኃላፊው ራሱ ደውሎ እንዲቆም አዟል፤ የጡረተኞቹ ሽያጭ «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ። የወጣቶቹ ግን እንደነበረው ይቀጥላል። ሥራ አስኪያጇ ጸሐፊውን በኮሪደሩ ስታልፈው ሰላም አላለችውም።

ዓርብ ጠዋት ጥይት ከጠረጴዛው አጠገብ መጥታ ቆመች። በእጇ ያልተፈረመው ናሙና ነበር፤ ከናሙናው በላይ ደግሞ የራሷ የመጀመሪያው ጽሑፍ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ወጣት ሁሉ አፓርታማ የሚኖር ይመስልዎታል?»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት።

«እኔ የምኖረው አሮጌ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው» አለች። «ከጓሮ ያለች አንድ ክፍል። ማሞቂያውን ሲያስተዋውቁ ለሠራተኛ በቅናሽ ሰጥተውኝ ነበር። ስምንት ወር ሆነኝ። ትናንት ካቻቪቴ ተውሼ ሶኬቴን ከፈትኩት።» የራሷን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ሦስት ቀዳዳ አለው። ከጀርባው ሁለት ሽቦ። እኔም ይቆነጥጠኛል፤ ለአከራዬ መናገር አስጠልቶኝ ዝም ብዬ ነው። አንድም ሰው አልመጣም ያለው ሰውዬ ማንን ጠይቆ ነው? በእኔ ወረቀት ላይ ደግሞ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ራስህ ስቀለው ብዬ ለስንት ሰው ነው የጻፍኩት?»

ጸሐፊው መሳቢያውን ከፈተ። መመሪያውን አወጣ፤ ሰባተኛው ገጽ ላይ አጥፎታል። እሁድ ቀን የጻፈውን ወረቀት ከመመሪያው ውስጥ መዝዞ «እርስዎ» የሚለውን ሁሉ በብዕር ሰርዞ በላዩ «አንተ» ብሎ ጻፈ።

«ነቅለሽዋል?»

«ነቅዬዋለሁ።»

«ነይ» አለና ተነሳ።

ኮሪደሩን ተያይዘው አለፉ። የሥራ አስኪያጇ ቢሮ በር ላይ ሲደርሱ ልጅቱ እጇን ለማንኳኳት አነሳች። ጸሐፊው ቀደማትና እጀታውን ይዞ ገፋው።